ዛሬ የተከፈተው አካውንት ነገ የማይከፈተው ለምንድን ነው? በዓመት አንዴ ስለሚደረግ ፍተሻ

«አካውንቴ ተጠልፏል፤ ከዚህ በኋላ በስሜ የሚመጣውን መልዕክት እንዳታምኑ።» እንዲህ ዓይነት ማሳሰቢያ በፌስቡክም በቴሌግራምም ሳናይ የምንከርምበት ወር ጥቂት ነው። ከማሳሰቢያው በኋላ የሚመጣው ምክርም ተመሳሳይ ነው፤ የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ጠንካራ አድርጉት፣ ለማንም አትስጡ ይባላል። ምክሩ ስህተት የለበትም። ግን «ተጠለፈ» በሚለው ቃል ሥር ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀው ይወራሉ። ለአንዱ የሚሠራው መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

የመጀመሪያው ችግር ሌላ ሰው መግባቱ ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ ተመልሶ መግባት አለመቻሉ ነው። በሁለተኛው ውስጥ ሌባ ላይኖር ይችላል። ስልኩ ይበላሻል፣ ወይም ታክሲ ውስጥ ይቀራል። አዲስ ስልክ ይገዛል። አካውንቱን ለመክፈት ሲሞከር ኮዱ ከሦስት ዓመት በፊት ወደተጣለ ሲም ካርድ ይላካል። አካውንቱ የትም አልሄደም፤ የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም በዓመት አንዴ በሚደረግ ፍተሻ በአብዛኛው ሊወገድ የሚችለው እሱ ነው። በዚያ ላይ ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙበት ቦታ አለ። እኛ የተውነውን መንገድ ሌላ ሰው ሲያገኘው አንደኛው ወደ ሌላኛው ይለወጣል።

ተከፍቶ መቆየቱ የሚደብቀው ነገር

አንድ ሰው ጂሜይሉን ወይም ቴሌግራሙን ስልኩ ላይ አንዴ ከከፈተ በኋላ በየቀኑ የይለፍ ቃል አይጠየቅም። ድርጅቱ ለዚያ ስልክ አንድ የመግቢያ ፈቃድ ሰጥቶታል። ይህ ፈቃድ «ሴሽን» ይባላል። ሴሽኑ እስካልተዘጋ ድረስ ስልኩ በገባበት ይቆያል። የይለፍ ቃሉ ቢረሳም፣ ሲም ካርዱ ቢወጣም፣ ቁጥሩ ቢቋረጥም ለውጥ የለውም።

ለአጠቃቀም ምቹ ነው። ነገር ግን አንድ የተሳሳተ ስሜት ይፈጥራል። አካውንቱ በየጠዋቱ ስለሚከፈት ባለቤቱ ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስለዋል። በተግባር ግን ዛሬ መግባቱ ነገ ተመልሶ መግባት እንደሚችል ምንም አያረጋግጥም። አምና ቁጥሩን የቀየረና ቴሌግራሙን በድሮው ቁጥር ይዞ የቀረ ሰው ያለችው አንዲት ሴሽን ብቻ ናት። እሷ ስትዘጋ ነገሩ አበቃ።

ሴሽኑ ሲዘጋ የሚያስፈልገው «መልሶ ማግኛ» የሚባለው ነው። ማለትም አካውንቱን ስንከፍት ወይም በኋላ ያስመዘገብነው ስልክ ቁጥርና ሌላ ኢሜይል ማለት ነው። ድርጅቱ ባለቤቱን በአካል አያውቀውም። መታወቂያ ይዞ የሚቀርብበት መስኮትም የለም። የሚያውቀው ያስመዘገበውን ቁጥርና ኢሜይል ነው። ኮዱን የተቀበለ ሰው ለድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ያልተቀበለ ደግሞ አይደለም።

መልሶ ማግኛ ሳናውቅ የሚሞትባቸው መንገዶች

በመጀመሪያ ስልክ ቁጥር። ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበትና አገልግሎት ያልሰጠ ቁጥር ይቋረጣል። ከዚያ ቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ቁጥር ውስን ሀብት ስለሆነ ይህ በየአገሩ የተለመደ አሠራር ነው። ሁለቱ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬቨን ሊ እና አርቪንድ ናራያናን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ሁለት የስልክ ኩባንያዎች ለአዲስ ደንበኛ ከቀረቡ ቁጥሮች ውስጥ 259ኙን ናሙና አድርገው ወሰዱ። ከእነሱ ውስጥ 171ዱ አሁንም በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ካሉ አካውንቶች ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩን የገዛው አዲስ ሰው ምንም ተንኮል ላያስብ ይችላል። ስልኩ ላይ ቴሌግራም ሲጭን ግን የሌላ ሰው አካውንት ሊከፈትለት ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚያባብሱ ሁኔታዎች አሉ። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ሁለተኛ ቁጥር የያዘ ሰው ብዙ ነው። ሁለት ቁጥር ሲኖር አንዱ ቀስ በቀስ ይረሳል። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቤይሩት ለሥራ የሄደ ሰው ደግሞ የአገር ቤቱን ቁጥር ካርድ የሚሞላለት የለም። ቴሌግራሙ ግን በዚያው ቁጥር እንደተከፈተ ነው።

ሌላው የሲም ካርዱ ባለቤትነት ነው። በወንድም፣ በአሠሪ ወይም በድሮ ጓደኛ ስም የወጣ ሲም ይዞ ለዓመታት የሚኖር ሰው አለ። ሲሙ እስካለ ድረስ ችግር አይታይም። ሲጠፋ ግን ተተኪውን ማውጣት የሚችለው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ወንድም ከሆነ ደህና። ከሥራ ያሰናበተ አሠሪ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ኢሜይልም ይሞታል። ጂሜይል ከመስፋፋቱ በፊት ብዙዎቻችን ያሁ ነበረን፤ የጂሜይላችን መልሶ ማግኛ አድርገን ያስመዘገብነውም ያንኑ ነው። ያሁ ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ከ12 ወር በላይ ያልተከፈቱ አካውንቶችን ስም ነፃ አድርጎ ለፈለገው ሰው እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ሰጠም። ጉግል በበኩሉ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል ደንግጓል። በአንድ በኩል ግን ጉግል ይሻላል፤ የተሰረዘ የጂሜይል አድራሻን ለሌላ ሰው አይሰጥም።

የመሥሪያ ቤት ኢሜይልም መልሶ ማግኛ ሆኖ የሚመዘገብበት ጊዜ አለ። ሠራተኛው ሲለቅ የመልዕክት ሳጥኑ በድርጅቱ እጅ ይቀራል። ድርጅቱ ቢዘጋና የድረ ገጽ ስሙን ሳያድስ ቢቀር ደግሞ ስሙን የገዛ ማንኛውም ሰው ወደዚያ አድራሻ የሚላከውን ሁሉ መቀበል ይችላል።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንዲት ነጋዴ እናስብ። ሱቋ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ቦታው ፈረሰና ወደ አራት ኪሎ አካባቢ ገባች። የድሮ ደንበኞቿ የሚያገኟት በቴሌግራም ቻናሏ ነው። ቻናሉ የተከፈተው በ09 በሚጀምር ቁጥር ሲሆን ያን ሲም ከሁለት ዓመት በፊት ትታዋለች። አሁን የምትጠቀመው በ07 የሚጀምረውን ነው። ጂሜይሏን ዩኒቨርሲቲ እያለች ነው የከፈተችው፤ መልሶ ማግኛው የያሁ አድራሻ ነው። የያሁው መልሶ ማግኛ ደግሞ ያው የተተወው የ09 ቁጥር ነው።

ይህን በወረቀት ላይ ብትጽፈው ሰንሰለቱ ወዲያው ይታያል። ጂሜይሉ በያሁ ላይ ቆሟል። ያሁው በ09 ቁጥር ላይ ቆሟል። ቴሌግራሙም በዚያው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ የለም። ሁሉንም ነገር የያዘው ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ፍተሻው መጀመር ያለበትም ከዚህ ወረቀት ነው እንጂ ከስልኩ ሴቲንግ አይደለም። አካውንት፣ በምን እንደሚከፈት፣ ቢጠፋ በምን እንደሚመለስ፤ ሦስት ዓምድ ይበቃል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ፍተሻ ሲባል ቀድሞ የሚሮጠው የማያውቃቸውን መግቢያዎች ወደ መዝጋት ነው። ይህች ነጋዴ እንዲህ ብታደርግና በስህተት የራሷን ስልክ ብታስወጣ ወደ ቻናሏ አትመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው መልሶ ማግኛው ነው። መዝጋት በኋላ ይመጣል።

የቴሌግራሙ መፍትሔ ቀላል ነው፤ ቀላል የሆነው ግን ሴሽኗ ገና ክፍት ስለሆነ ብቻ ነው። Settings ውስጥ ገብታ ቁጥሯን ስትነካ Change Number የሚል ይመጣል። አዲሱን የ07 ቁጥር ታስገባለች፤ ኮዱ ወደ አዲሱ ቁጥር ይመጣል። የድሮው ሲም አያስፈልግም። ቻናሉ፣ መልዕክቶቹና ደንበኞቹ እንዳሉ ይቆያሉ። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ግን ይህ በር የለም።

ከዚያ Two-Step Verification የሚለውን ትከፍታለች። ይህ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ነው፤ ከኮዱ በተጨማሪ ራሷ ያወጣችው የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ሲያወጡት መልሶ ማግኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። መዝለል የለበትም፤ የይለፍ ቃሉ ሲረሳ በቀጥታ የሚመለሰው በዚያ ኢሜይል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አለመግባባት አለ። «ባለሁለት ደረጃ ከፍቻለሁ፣ ስለዚህ የድሮው ቁጥር ሌላ ሰው እጅ ቢገባም ግድ የለኝም» የሚል ሰው ያጋጥማል። ግማሽ እውነት ነው። ቁጥሩን የያዘው ሰው የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ መልዕክቶቹን ማንበብ አይችልም። ነገር ግን አካውንቱ ተሰርዞ በቁጥሩ አዲስ እንዲከፈትለት መጠየቅ ይችላል። አካውንቱ በሥራ ላይ ከሆነ ቴሌግራም ሰባት ቀን ያስጠብቀዋል። ከዚያ ይሰርዘዋል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ቁጥር መቀየርን አይተካም።

ቻናሉን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ። ቻናል የሚገዛው የከፈተው አካውንት ነው። ሱቁን የሚያግዝ ልጅ በራሱ ስልክ የከፈተላት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ እሱ ነው፤ እሷ አድሚን ብቻ ናት። ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ይቻላል። ቴሌግራም ግን የሚያስተላልፈው ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከከፈተ ሰባት ቀን እንዲሞላው፣ በዚያ ስልክ ከገባም ቢያንስ አንድ ቀን እንዲያልፈው ይጠይቃል። ልጁ ሥራ የሚለቅ ከሆነ በመጨረሻው ቀን የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጂሜይሉ። መልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይል ለመቀየር ጉግል የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ለዓመታት ጽፋው አታውቅም። ቢሆንም ተስፋ አለ። ጉግል የረሳ ሰውን ሲመረምር ከዚህ በፊት የገባበትን ስልክ፣ የሚጠቀምበትን ብሮውዘርና የተለመደ ቦታውን ከግምት ያስገባል። ስለዚህ ሙከራው መደረግ ያለበት ጂሜይሉ ከተከፈተበት ከራሷ ስልክ፣ ከቤቷ ወይም ከሱቋ ነው። ጓደኛ ላፕቶፕ ላይ መሞከር ዕድሉን ያጠባል።

የያሁውን አድራሻ በ07 ቁጥሯና በምታምነው የቤተሰብ ሰው ወይም በሌላ ሕያው ኢሜይሏ ትተካለች። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት አለባት። መልሶ ማግኛ ከተቀየረ በኋላም ጉግል ለሰባት ቀን ወደ ድሮው አድራሻ ኮድ የመላክ አማራጭ ሊያቀርብ ይችላል። የተደረገው ሌባ ቀይሮት ከሆነ ባለቤቱ እንዲመለስበት ነው። ለባለቤቱ ሲቀየር ደግሞ የድሮው ሲም ወይም ኢሜይል ለዚያ ሳምንት ሌላ እጅ እንዳይገባ መጠበቅ ማለት ነው።

በመጨረሻ የጂሜይሉን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከከፈተች Backup codes የሚባሉትን ማውጣት ትችላለች። አሥር ኮዶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ አላቸው፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። ሲም ሳይኖር፣ ኔትወርክ ኤስኤምኤስ ባያደርስም ይሠራሉ። በስልኩ ጋለሪ ውስጥ በፎቶ ማስቀመጥ ከስልኩ ጋር አብሮ ማጣት ነው። ወረቀት ላይ ይጻፉና ቤት፣ የልደት ሰርተፍኬትና ካርታ ከሚቀመጥበት ዘንድ ይቀመጡ።

የክፍት መግቢያዎችን ዝርዝር ማንበብ

መልሶ ማግኛው ሕያው ከሆነ በኋላ ነው ሴሽኖችን ማየት። በቴሌግራም Devices፣ በዋትስአፕ Linked devices፣ በጉግል Your devices፣ በፌስቡክ ደግሞ Where you're logged in ይባላል። ዝርዝሩን መክፈት ቀላል ነው። ማንበቡ ነው የሚያስቸግረው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቦታውን ነው። «አዲስ አበባ» ካለ ያልፈዋል፤ «ኔዘርላንድስ» ካለ ይደነግጣል። ሁለቱም ሊያሳስቱ ይችላሉ። ቦታው የሚገመተው ከኢንተርኔት አድራሻው ነው። በኔትወርካችን ላይ ያለ አብዛኛው ሰው አዲስ አበባ ሊባል ይችላል፤ አዳማ ያለ ሰው እንኳ። የሚያሰጋው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አይደለም። በሌላ በኩል ቪፒኤን የተጠቀመ ሰው ራሱ ከአውሮፓ የገባ ሆኖ ይታያል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክና ቴሌግራም ለወራት በተዘጉበት ጊዜ ቪፒኤን ያልጫነ ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረ እንግዳ አገር ያለበት መግቢያ የራስ ሊሆን ይችላል።

ከቦታው ይልቅ የሚጠቅሙት ሦስት ነገሮች የመሣሪያው ዓይነት፣ የመተግበሪያው ስምና ለመጨረሻ ጊዜ የሠራበት ቀን ናቸው። ስልኳ ሳምሰንግ የሆነ ሴት ዝርዝር ውስጥ ቴክኖ ካየች መጠየቅ አለባት። ኮምፒውተር የሌላት ሰው Telegram Desktop የሚል መስመር ካየች ደግሞ ጥያቄው ቀላል ነው፤ የት ነበር የከፈትኩት?

መልሱ ብዙ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ባሉት ማተሚያ ሱቆች ሰነድ ለማሳተም ሰው ቴሌግራሙን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይከፍታል። ፋይሉ ይወርዳል፣ ይታተማል፣ ብር ይከፈላል፣ ይወጣል። ሴሽኑ ግን አብሮ አይወጣም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ደንበኛ፣ ማንም ሊያየው ይችላል። የይለፍ ቃልም አይጠየቅም፤ ገብቶ የቆየ ነውና። ፋይሉን ለሱቁ አካውንት መላክ ይሻላል። ግላዊ ሰነድ ከሆነ በፍላሽ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ሊመለስ እንደሚችል ግን ማወቅ ነው።

ቴሌግራም እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ጥበቃ አለው። አዲስ የገባ ሴሽን ለ24 ሰዓት ሌሎቹን ማስወጣት አይችልም። ሰርጎ የገባ ሰው ወዲያው ባለቤቱን አያባርርም ማለት ነው። በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ያየ ባለቤት Terminate all other sessions ብሎ ይገላገላል። ያው ሕግ በራሳችንም ላይ ይሠራል። አዲስ ስልክ ላይ ዛሬ ገብተን የድሮውን ወዲያው ለማስወጣት ብንሞክር እምቢ ይለናል፤ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። እዚያው Devices ገጽ ላይ ሥራ የፈታ ሴሽን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱ እንዲዘጋ ማዘዝም ይቻላል፤ ጊዜውን ማሳጠር የፎቶ ኮፒ ቤቱን ዓይነት ጉዳይ ራሱ ያጸዳዋል።

ዋትስአፕ ከዚህ ጠንከር ይላል። ዋናው ስልክ ለ14 ቀን ካልተጠቀመ የተያያዙት ኮምፒውተሮች ይወጣሉ። ለብዙዎች ይህ ይበቃል።

የተሸጠው፣ የተሰጠውና መሳቢያ ውስጥ ያለው ስልክ

ያገለገለ ስልክ እዚህ ከተማ በቀላሉ እጅ ይለዋወጣል። ይሸጣል፣ በአዲስ ላይ ይጨመራል፣ ለታናሽ ወይም ለዘመድ ይሰጣል። ሲሰጥ «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ይባላል። ፎርማት ፋይሉን ያጠፋል። አንድ ነገር ግን ይቀራል።

ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ባሉ ስልኮች ላይ ጥበቃ አለ። ስልኩ ላይ የነበረው የጉግል አካውንት ሳይወጣ በጎን ቁልፎች ፎርማት ከተደረገ፣ ሲነሳ የድሮውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል። ገዢው ይደውላል፤ «የጂሜይሉን ፓስወርድ ንገረኝ» ይላል። ሻጩ አዝኖለት በስልክ ይነግረዋል። በዓመታዊ ፍተሻ ላይ የማይታወቅ ስልክ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም አልሰረቀም፣ ተነግሮት ነው። ትክክለኛው መንገድ አካውንቱን ከስልኩ ላይ ማስወጣት፣ ከዚያ ከሴቲንግ ውስጥ ፎርማት ማድረግ ነው። በአይፎን ደግሞ ከአይክላውድ መውጣትና Find My የሚለውን ማጥፋት ነው፤ አለበለዚያ ስልኩ ለገዢው ተቆልፎ ይቀራል።

ስልኩ አስቀድሞ ከሄደስ? ከጉግል ዝርዝር ላይ መርጦ Sign out ማለት ይቻላል። የይለፍ ቃል በስልክ የተነገረ ከሆነ ግን ማስወጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ቃሉም መቀየር አለበት።

መዝጋት ወይስ መተው?

ስለማይጠቀሙባቸው አካውንቶች ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ ወገን ያልተዘጋ አካውንት ሁሉ አደጋ ነው ይላል። ያረጀ የይለፍ ቃል ያለበት፣ ማንም የማያየው ስለሆነ። ሌላው ወገን መዝጋት ራሱ ስሙን ነፃ ሊያደርገው ይችላል፣ ተዉት ይላል። እንደ አካውንቱ ነው የሚሉት ይበልጥ የተጠጉ ይመስለኛል።

መለያው ቀላል ነው። ሌላ አካውንት የሚቆምበት ከሆነ፣ ማለትም የሌላው መልሶ ማግኛ ወይም መግቢያ ከሆነ፣ መጀመሪያ ማላቀቅ ነው። የነጋዴዋ ያሁ እንዲህ ነው። ከጂሜይሉ ላይ ከተነሳ በኋላም ምን ሌላ እንደተያያዘበት ማየት አለባት። ሳጥኑ ውስጥ welcome እና verify ብሎ መፈለግ የተረሱ ምዝገባዎችን ያወጣል። ያሁ ስም መልሶ የሰጠበት ታሪክ ስላለው፣ ሁሉም ነገር መላቀቁን እርግጠኛ እስክትሆን ድረስ በዓመት አንድ ሁለቴ እየገባች ሕያው አድርጋ ብትይዘው ከመዝጋት ይሻላል።

ምንም ያልተንጠለጠለበት፣ ግን የሰዎች ፎቶና መልዕክት የሞላበት ሁለተኛ የፌስቡክ አካውንት ሲሆን ደግሞ መዝጋቱ ያመዝናል። ፎቶዎቹን አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል። በጉግል አካውንት «ግባ» ብለው የከፈቷቸው ነገሮች ካሉ ያ ጂሜይል ሲዘጋ እነሱም በር ያጣሉ፤ ስለዚህ ከመዝጋት በፊት የተያያዙትን ዝርዝር ማየት ነው።

በዓመት አንዴ ይበቃል ወይ?

አይበቃም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ምክንያታቸውም ጠንካራ ነው። አደጋው የሚፈጠረው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በክስተት ነው፤ ሲም ሲቀየር፣ ስልክ ሲሸጥ፣ ሥራ ሲለቀቅ፣ ከአገር ሲወጣ። በዚያ ቀን ካልተስተካከለ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በሩ ክፍት ነው። ትክክል ነው። ግን ሲም የቀየረ ሰው በዚያ ቀን የሚያስበው ስልኩ እንዲደውል ነው። ዓመታዊው ፍተሻ የሚጠቅመው በክስተቱ ቀን የተዘለለውን ለመያዝ ነው።

በየዓመቱ መደረግ ያለበት የሚመስለው ግን የማያስፈልገው ሥራ የይለፍ ቃል መቀየር ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ቀይሩ ማለትን ትቷል። ሰው በግድ ሲቀይር ከመጨረሻ ያለውን ቁጥር በአንድ ይጨምራል እንጂ አዲስ አያወጣም። ቃሉ መውጣቱ ሲታወቅ ወይም ሌላ ቦታም ሲሠራበት ነው መቀየር ያለበት።

ፍተሻው የማይደርስበትም አለ። «ኮድ በስህተት ወደ አንተ መጥቷል፣ ላክልኝ» ብሎ በጓደኛ አካውንት የሚጽፍ ሰው የሚጠብቀው ቸርነታችንን ነው። የተስተካከለ መልሶ ማግኛም ኮዱን በእጁ አሳልፎ የሰጠን ሰው አያድንም፤ ቢያንስ ከተወሰደ በኋላ መመለሻ ይሰጠዋል።

ጳጉሜ ላይ ሲከፋፈል

ጊዜው ጳጉሜ ቢሆን ይመቻል። ዓመቱ አልቆ ሌላው አልገባም፤ ሱቅም ቆጠራ ላይ ነው። ከላይ የታዩት የጥበቃ ቀኖች ግን ሥራውን በአንድ ማታ እንዳንጨርስ ያደርጋሉ።

ጳጉሜ 1 ቀን ወረቀቱን መጻፍና መልሶ ማግኛዎችን ማስተካከል ነው። አዲስ ስልክ ካለ በዚያው ቀን መግባት፤ የ24 ሰዓቱ ቆጠራ ይጀምራል። በማግስቱ ሴሽኖቹን አንብቦ ማስወጣት ነው። ጳጉሜ 3 የሚዘጋው ይዘጋል። የድሮው ሲም ግን የጉግል ሰባት ቀን እስኪያልፍ፣ ቢያንስ እስከ መስከረም 5 ድረስ አይጣልም።

ፌስቡክ የመዝጊያ ትዕዛዝ ከተሰጠው በኋላ 30 ቀን ይጠብቃል። ጳጉሜ አምስት ቀን በሆነበት ዓመት ጳጉሜ 3 የታዘዘው መስከረም 28 ላይ ይሞላል ማለት ነው። በመካከሉ አንዴ መግባት ትዕዛዙን ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ መተግበሪያው ከሁሉም ስልክ ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ታብሌት ጨምሮ፣ ከዚያ አካውንት መውጣት አለበት።